ሁለት ትኬት፣ ሁለት አየር ማረፊያ፦ እናታችን ዋሽንግተን ስትወርድ

ታላቅ እህቴ ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በ71 ዓመቷ ነው። ልጇ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ይኖራል። ሚስቱ ልትወልድ ስትቃረብ "እማዬ መጥታ ታርስልኝ" አለና ትኬት ቆረጠ። እኔም ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ በመኪና ሸኘኋት። ከላሊበላ ቦሌ በረረች፤ በማግስቱ ማታ ደግሞ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ስልክ ሲደወልልኝ "ገባች" የሚል የምሥራች ጠብቄ ነበር። የሰማሁት ግን አውሮፕላን እንዳመለጣትና በመንገድ ላይ ስኳሯ ወርዶ እንደነበር ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሙያዬ ሕመምተኛ መንከባከብ እንጂ የአውሮፕላን ጉዞ አይደለም። ነገር ግን በሥራዬ ላይ አንድ ልማድ ነበረኝ። አንድ ነገር ሲበላሽ "የማን ጥፋት ነው?" ከማለቴ በፊት ሰዓቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። የእህቴንም ጉዞ እንዲሁ ጻፍሁት። ያገኘሁትን ወላጆቻቸውን ለሚያስመጡ ልጆችና ለሚጓዙ እናቶችና አባቶች ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቀርባለሁ።

ከተማው አንድ፣ ሜዳው ሁለት

እኛ የምናውቀው ቦሌን ነው። ከላሊበላ የመጣ ሰው በአገር ውስጥ መንገደኞች በር ይወጣና እዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ውጭ አገር በረራ ይሻገራል። ስለዚህ "ዋሽንግተን ወርደሽ ሌላ አውሮፕላን ትይዣለሽ" ሲሏት እህቴ የገባት እንደ ቦሌ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር መሄድ ነበር።

ዋሽንግተን ግን እንደዚያ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ዱለስ በሚባለው አየር ማረፊያ ነው፤ በትኬት ላይ IAD ተብሎ ይጻፋል። በ1962 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈተ ሲሆን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በቨርጂንያ ግዛት ይገኛል። ሌላው ሬገን ናሽናል ነው፤ በትኬት ላይ DCA ይባላል። እሱ ከ1941 ጀምሮ ያለ፣ ከከተማዋ መሀል ፖቶማክ ወንዝን ብቻ ተሻግሮ የሚገኝ ነው። በሁለቱ መካከል በመኪና 45 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሦስተኛው BWI የሚባለው ባልቲሞር አጠገብ ያለ አየር ማረፊያ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዱለስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ትኬት የሚሸጡ ድረ ገጾች ሦስቱንም "ዋሽንግተን" ብለው ያሳያሉ።

ለምን ሁሉም በአንዱ አያርፉም? ሬገን ትንሽ ሜዳ ነው፤ ከውጭ አገር ለሚመጣ መንገደኛ የሚሆን የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ አዳራሽ የለውም። በተጨማሪም በሕግ ከተፈቀዱ ጥቂት በረራዎች በቀር ከ1,250 ማይል፣ ማለትም ከ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚሄድ አውሮፕላን ከዚያ እንዳይነሳ ተከልክሏል። ረጅሙ በረራ ወደ ዱለስ እንዲሄድ የታሰበ ነው። በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ ዱለስ ይወርዳል፤ ወደ ኦሃዮና ወደ መሳሰሉት ቅርብ ግዛቶች የሚሄደው ርካሽ በረራ ግን ብዙ ጊዜ ከሬገን ይነሳል። የእህቴም ልጅ ያገኘው ይህንን ነው።

የእህቴ ጠዋት

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ እስከ ዱለስ አንድ ትኬት ገዛ። ከሬገን እስከ ኮሎምበስ ደግሞ ከሌላ ኩባንያ ሌላ ትኬት ገዛ። እስከ ኮሎምበስ በአንድ ትኬት ከመግዛት 110 ዶላር ቀንሶለታል። በመካከሉ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። "አክስቴ፣ እኔ በሁለት ሰዓት እጨርሰዋለሁ" አለኝ በኋላ። እውነቱን ነው፤ እሱ ቋንቋ ያውቃል፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። አውሮፕላኗ ሳትዘገይ ጠዋት 2:40 ላይ አረፈች። ዱለስ ላይ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ከአውሮፕላኑ ወርዶ እንደ አውቶቡስ ባለ ትልቅ ማመላለሻ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሽ ሊወሰድ ይችላል። እህቴም በዚያ ተሳፍራ ሰልፉ ላይ የቆመችው 3:00 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ጠዋት ሌሎችም ትልልቅ አውሮፕላኖች ስላረፉ ሰልፉ ረጅም ነበር። አሻራ ሰጥታ፣ ፎቶ ተነስታ፣ የት እንደምታርፍ ተጠይቃ ስታልፍ 4:20 ሆነ። ሁለቱን ሻንጣዎች ከሚሽከረከረው ላይ በሰው እርዳታ ያወረደችው 4:35 ላይ ነው።

እዚህ ላይ አረፍ አለች። እግሬ አብጧል ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለምን አልተጣደፈችም? ትኬቱ ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት 12:10 ስለሚል ነው። ለእኛ 12:10 ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በትኬት ላይ ግን 12:10 ማለት ከቀኑ 6:10 ነው። እህቴ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያላት መስሏት ነበር።

ከዚያ ጉምሩክ መጣ። ሽሮና በርበሬ ይዛለች፣ የዋግ ማርም ይዛለች። ምግብ መያዟን በመናገሯ ሻንጣው ተከፍቶ ታየ፤ ሁሉም አለፈላት። (ቋንጣ ግን አትይዙ፤ የሥጋ ነገር ከእኛ አገር ወደ አሜሪካ አይገባም። የያዙትን ምግብ አለመናገር ደግሞ ያስቀጣል።) በሩን ስትወጣ 4:50 ሆነ። ታክሲ አግኝታ የተነሳችው 5:00 ላይ ነው፤ ሬገን የደረሰችው 5:45 ላይ።

አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም ነበር። ሊነሳ 25 ደቂቃ ይቀረዋል። ነገር ግን የአሜሪካ አገር ውስጥ በረራዎች ሻንጣ የሚቀበሉት ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት እስኪሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእህቴ በሩ የተዘጋው 6:10 ላይ ሳይሆን 5:25 ላይ ነው። ሻንጣ ባትይዝ እንኳ የደኅንነት ፍተሻውን አልፋ በሩ ሳይዘጋ መድረሷ ያጠራጥራል። ሁለት ሻንጣ ይዛ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

"አንድ ትኬት" ሲባል ምን ማለት ነው?

እስኪ ይህንን ልብ እንበል። በዚያ ጠዋት ማንም አላጠፋም። አውሮፕላኗ በሰዓቷ አርፋለች። ሰልፉ እንደማንኛውም ቀን ሰልፍ ነው። ሻንጣ አንቀበልም ያለው ኩባንያ ደንቡን ነው ያከበረው። ችግሩ ሁለቱ ትኬቶች የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው።

ጉዞው ሁሉ በአንድ ትኬት ሲሆን፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ መንገደኛውን በሌላ በረራ የማድረስ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ሻንጣውም ቦሌ ላይ እስከ መጨረሻው ከተማ ይለጠፍበታል። አሜሪካ ሲገቡ በመጀመሪያው አየር ማረፊያ ሻንጣን አንስቶ በጉምሩክ ማሳለፍ ለሁሉም ግዴታ ነው። ባለ አንድ ትኬት መንገደኛ ግን ከጉምሩክ ሲወጣ እዚያው አጠገብ ላለው ተቀባይ ሻንጣውን መልሶ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል። ባለ ሁለት ትኬቱ ግን ለሁለተኛው ኩባንያ ከመንገድ እንደመጣ አዲስ ሰው ነው። ሻንጣው እስከ ዱለስ ብቻ ነው የተለጠፈው። ከዚያ በኋላ የሚሸከመው ራሱ ነው፤ ቢያረፍድ "ዘገየሁ" የሚለው ምክንያት አይቆጠርለትም።

ታዲያ ልጃችሁ የላከላችሁ ወረቀት አንድ ትኬት ይሁን ሁለት እንዴት ታውቃላችሁ? ሁለቱም በረራዎች በአንድ ገጽ ላይ መታተማቸው ምልክት አይሆንም፤ የጉዞ ወኪል ሁለት ትኬት በአንድ ወረቀት ሊያትም ይችላል። የትኬት ቁጥሩን እዩ። 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያወጣው ትኬት በ071 ይጀምራል። ለሁለቱም በረራ አንድ ቁጥር ከሆነ ጉዞው አንድ ነው። ለሁለተኛው በረራ በሌላ ሦስት አኃዝ የሚጀምር ሌላ ቁጥር ካለ፣ ወይም ጭራሽ ሌላ ወረቀት ከሆነ፣ ሁለት ትኬት ነው። ቀጥሎ ሦስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት አስተያዩ። የመጀመሪያው በረራ የሚያርፍበትና ሁለተኛው የሚነሳበት ፊደል አንድ መሆን አለበት። አንዱ IAD ሌላው DCA ከሆነ በመካከሉ 45 ኪሎ ሜትር አለ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ ሦስት ፊደል ከሦስት ፊደል ጋር ማስተያየት አያቅተውም።

እህቴን በአንድ ትኬት ኮሎምበስ ማድረስ ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ከአሜሪካ ኩባንያዎች ዩናይትድ የዚያው ኅብረት አባል ሲሆን ዱለስ ላይ ብዙ በረራ አለው። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው አውሮፕላንም ከዱለስ ይነሳል፣ ሻንጣውም አብሮ ይሄዳል።

የተረፈው 110 ዶላር

የእህቴ ልጅ ሰው ጥሩ ነው፤ ልጅ ሊወልድ የተቃረበ ሰው ገንዘብ ቢቆጥብ አልፈርድበትም። ነገር ግን አብረን አስልተነዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሁለት ሻንጣ ያለ ክፍያ ተይዟል። የሁለተኛው ትኬት ኩባንያ ግን ለሻንጣ ያስከፍላል፤ ለመጀመሪያው 35፣ ለሁለተኛው 45፣ በድምሩ 80 ዶላር ነበር። ከዱለስ እስከ ሬገን ታክሲው 78 ዶላር ፈጀ። ይህ 158 ዶላር ነው። እንግዲህ ምንም ሳይበላሽ በሰዓቷ ብትደርስ እንኳ 110 ዶላር ለማዳን 158 ዶላር ታወጣ ነበር።

አውሮፕላኑ ሲያመልጣት ደግሞ ለማግስቱ አዲስ ትኬት በ189 ዶላር ተገዛ። ያን ሌሊት እስክንድርያ በምትባለው የቨርጂንያ ከተማ የልጇ ወዳጅ ቤት አደረች። ከሁሉ የሚያስቆጨው የመጨረሻው ነው። ያመለጣት ትኬት ደርሶ መልስ ነበር። መንገደኛው ሳይናገር ከቀረ የመሄጃው ብቻ ሳይሆን የመመለሻውም በረራ ከመዝገብ ይሰረዛል። ልጇ ይህን ያወቀው በማግስቱ ኮምፒዩተር ከፍቶ ሲያይ ነው።

ይህ ሊድን ይችል ነበር። ከዱለስ ስትነሳ የታክሲው ሾፌር ስልኩን ሰጥቷት ለልጇ ደውላ ነበር፤ ሰዓቱም 5:05 ነበር። ልጁ በዚያች ደቂቃ ወደ ኩባንያው ደውሎ "እናቴ አትደርስም፤ በረራውን ቀይሩልኝ" ቢል አውሮፕላኑ ገና ስላልተነሳ ሊቀይሩለት፣ ቢያንስ መመለሻውን ሊያቆዩለት ይችሉ ነበር። እሱ ግን "ትደርስ ይሆናል" ብሎ ጠበቀ። ሁለተኛ በረራ የሚያመልጥ መስሎ ከታያችሁ መደወል ያለባችሁ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከተነሳ በኋላ መንገደኛው እንደቀረ ይቆጠራል።

ስኳሯ የወረደው ለምን ነበር?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። እህቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ቁርስ ስለመጣላት መርፌዋን ወጋችና ትንሽ ቀመሰች። ከዚያ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመችና ተራመደች፣ ሻንጣ ጎተተች። ምንም አልበላችም። በእጇ እንድትይዝ ያዘጋጀሁላት ዳቦ ቆሎ ቦሌ ላይ የእጅ ቦርሳዋ ከበዳት ተብሎ ወደ ትልቁ ሻንጣ ገብቶ ነበር።

ታክሲው ውስጥ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ንግግሯ ተቀላቀለ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጠውና የእሷም ሾፌር የእኛ ልጅ ነበር። "እማማ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። የእሱም እናት ሕመሙ ስላለባቸው ምልክቱን ያውቀዋል። መኪናውን ዳር አቁሞ የያዘውን ጭማቂ አጠጣት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰች።

ትክክል ነው ያደረገው። ስኳር ሲወርድ ለሕመምተኛው ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይሰጣል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ከተሻለው በኋላ ዳቦ ነገር ይበላል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ አምቡላንስ ይጠራል።

በሁለት አየር ማረፊያ መካከል መጓዝ ለአዛውንት የሚከብደው በዚህ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ምግብና ውኃ የሚያቀርብ አለ፤ ከበሩ ከወጡ በኋላ ግን እስከ ሁለተኛው አውሮፕላን ድረስ ማንም የለም። ስለዚህ መድኃኒት፣ መርፌ፣ የሐኪም ወረቀትና የሚበላ ነገር በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን በምንም ዓይነት ወደ ጭነት ሻንጣ አይግባ፤ ጭነት ክፍሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ደግሞ ጉልበቱን ያጣል። የሚበላው ብስኩት ወይም ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ፍራፍሬ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። መርፌ የሚወጋ ሰው ምግቡ ፊቱ ሳይቀርብ አይውጋ። ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ቀኑ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ይረዝምበታል፤ የኢንሱሊኑ ሰዓትና መጠን እንዴት እንደሚሆን ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። መራመድ ለሚከብደው ሰው አየር መንገዶች ዊልቸር ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ትኬት ሲገዛ፣ ቢዘገይ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይጠየቃል፤ በትኬቱ መዝገብ ላይ WCHR ተብሎ ይጻፋል። የሚገፋው ሠራተኛ በኢሚግሬሽኑም በጉምሩኩም አብሮ ስለሚሄድ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። በሁለት ትኬት የሚጓዝ ሰው ግን በሁለቱም ላይ ለየብቻ ማስመዝገብ አለበት። ደግሞም አገልግሎቱ የአየር ማረፊያው በር ላይ ያበቃል፤ ከዱለስ በር እስከ ሬገን በር ያለው መንገድ በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ከሁለት ትኬት ሌላ አማራጭ ከሌለስ?

አንዳንዴ ከሁለት ትኬት ሌላ አይገኝም፣ ወይም የዋጋው ልዩነት በእውነት ብዙ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰዓቱን በአዛውንት እግር እንቁጠረው። ከአውሮፕላን ወርዶ ሰልፍ ለመድረስ 20 ደቂቃ። ለኢሚግሬሽን እስከ ሁለት ሰዓት። ለሻንጣና ለጉምሩክ 40 ደቂቃ። ታክሲ ለመያዝና ለመድረስ አንድ ሰዓት። በሁለተኛው አየር ማረፊያ ከመነሻው ሁለት ሰዓት በፊት መገኘት። ይህ ስድስት ሰዓት ይሆናል። አውሮፕላኑ ቢዘገይ ብለን አንድ ሰዓት ብንጨምር ሰባት። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በረራ ቦሌ ከፍታ ላይ ስላለ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ስለሚያዳግተው በመንገድ ላይ አርፎ የሚቀዳበት ጊዜ አለ፤ መዘግየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት 2:40 ላይ የምታርፍ እናት ሁለተኛ በረራዋ ከ9:40 በፊት ባይሆን ይመረጣል፤ ያውም ወጣት ዘመድ በሩ ላይ የሚጠብቃት ከሆነ ነው። የሚጠብቅ ከሌለ አንድ ሌሊት አድራ ብትሄድ ይሻላል።

ከዱለስ ባቡርም አለ። ከኅዳር 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ሲልቨር ላይን የሚባለው የከተማ ባቡር ዱለስ ይደርሳል፤ ሮዝሊን በሚባል ጣቢያ ወርደው ብሉ ላይን ቢይዙ ሬገን ያወርዳል። ለወጣት ርካሽና ምቹ ነው። ሁለት ሻንጣ ለያዘች እናት ግን ባቡር ማስቀየር ያው ሁለተኛ ትራንዚት መጨመር ነው።

በወረቀት ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። "12:10" ሳይሆን "ከቀኑ 6:10" በሉ፤ ከጎኑም "ሻንጣ የሚዘጋው 5:25" ብላችሁ ጨምሩ። በሌላ ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ የልጁን ስልክና አድራሻ፣ የሚሄዱበትን ሁለተኛ አየር ማረፊያ ስም፣ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ጻፉ። አንዳንዶቹ የእኛ እናቶች ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውም ሁለተኛቸው ነው። ወረቀቱ አንደበት ይሆናቸዋል።

በአውሮፓ በኩል ለሚሄዱ ግን ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከአንድ አየር ማረፊያ ወደ ሌላው መሄድ ማለት ወደ አገሩ መግባት ማለት ነው። ለንደን ሂዝሮው (LHR) ወርዶ ከጋትዊክ (LGW) የሚነሳ፣ ፓሪስ ሻርል ደጎል (CDG) ወርዶ ከኦርሊ (ORY) የሚነሳ ሰው ድንበር አልፎ ከተማ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የመጨረሻው አገር ቪዛ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ቦሌ ላይ ወረቀት የሚያዩት ሠራተኞችም የሚመለከቱት በእጃችሁ ያለው ትኬት የሚያልቅበትን አገር ነው። ትኬቱ ለንደን ላይ ካለቀ ለንደን የመግባት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ከሌለ መሳፈር የለም። ይህን ገንዘብ ከመክፈል በፊት የዚያን አገር ኤምባሲ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ አንድ ቀን ወደ እኛም ይመጣ ይሆናል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በሚባል ቦታ አዲስ ትልቅ አየር ማረፊያ ታቅዷል። ከላሊበላ ቦሌ የሚወርድ ሰው ውጭ አገር ለመሄድ ወደዚያ መሻገር ካለበት፣ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ በገዛ አገራችንም ይጠየቃል።

እህቴ በማግስቱ ኮሎምበስ ገባች። የልጅ ልጇ የተወለደው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ገንፎውንም በእጇ አገንፍታለች። ለመመለሻዋ ልጇ ሌላ ትኬት አልገዛም። ከዱለስ የሚነሳው በረራ ጠዋት ስለነበር በዋዜማው ራሱ በመኪና ይዟት ወረደ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳ። እስክንድርያ አድረው ጠዋት ዱለስ በር ላይ ዊልቸሩ ላይ አስቀምጧት ተመለሰ። ሰቆጣ ስትደርስ ከሻንጣው ያወጣችልኝ ስጦታ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ሁለት መደብ ቁጥር አለው፤ በውስጥ በኩል የእኛ፣ በውጭ በኩል የፈረንጅ። "12:10 ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዳትረሺው" አለችኝ።